ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት የተወለደ ውል

ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ያላቸው አቶ ከበደ የቡና መቁያ ማሽናቸውን ሊሸጡ ፈለጉ እንበል። ሰኞ ዕለት ለወ/ሮ አልማዝ በፖስታ የላኩት ደብዳቤ ደረሰ፤ «ማሽኑን በ6,000 ፓውንድ እሸጥልዎታለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ለሌላ ሰው አልሰጥም» ይላል። ማክሰኞ ወ/ሮ አልማዝ «ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ብከፍል ይስማሙ ይሆን?» ብለው በኢሜይል ጠየቁ፤ መልስ ግን አላገኙም። ረቡዕ አንድ ሌላ ሰው መጥቶ 6,500 ፓውንድ ከፈለና ማሽኑን ጭኖ ሄደ። አቶ ከበደም በዚያው ዕለት «ሐሳቤን ትቻለሁ» የሚል ደብዳቤ ለወ/ሮ አልማዝ ፖስታ ቤት አስገቡ። ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ይህን ሁሉ የማያውቁት ወ/ሮ አልማዝ «በ6,000 ፓውንድ ገዝቻለሁ» የሚለውን መልሳቸውን በትክክለኛው አድራሻ በፖስታ ላኩ። የአቶ ከበደ የመሻሪያ ደብዳቤ እጃቸው የገባው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የእሳቸው መልስ ደግሞ አቶ ከበደ ዘንድ የደረሰው ቅዳሜ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ወ/ሮ አልማዝን አማክር።

ታሪኩ ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠረ ቢሆንም ቅርጹ እንግሊዝ አገር ቢዝነስ ወይም አካውንቲንግ የሚያጠና ተማሪ በውል ሕግ ፈተና ላይ የሚያገኘው ነው። ቀኖች ተደበላልቀው ይቀርባሉ፣ ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ አንዱ ወገን ሐሳቡን ይቀይራል። ተማሪው ፍርድ እንዲሰጥ ከመጠየቁ በፊት ግን አንድ ሌላ ፈተና አለበት፤ የራሱን የፍትሕ ስሜት ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ። አገር ቤት ያደገ ሰው ጥያቄውን እንዳነበበ «ሰውዬው እስከ ዓርብ ብሎ ቃል ገብቷል፤ ረቡዕ መሸጥ አይችልም» ይላል። በእንግሊዝ ሕግ ይህ መልስ ስህተት ነው። ወ/ሮ አልማዝ ያሸንፋሉ፤ የሚያሸንፉት ግን በዚህ ምክንያት አይደለም።

ነገሩን ከመነሻው መያዝ ይሻላል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ውል አለ ወይስ የለም ብሎ ሲመረምር በመጀመሪያ የሚፈልገው የውል ሐሳብ ነው። የውል ሐሳብ ማለት አንድ ሰው «እሺ ካልከኝ በዚሁ እታሰራለሁ» ብሎ ቁርጥ አድርጎ የሚያቀርበው ነገር ነው። ሌላው ወገን ያንን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሲቀበል ስምምነት ተፈጠረ ይባላል። ሦስተኛው፣ ተማሪዎች ኮንሲደሬሽን እያሉ የሚጠሩት፣ አጸፋ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ለተገባለት ቃል በምላሹ አንድ ዋጋ ያለው ነገር መስጠት ወይም ለመስጠት ቃል መግባት አለበት። ሌሎች መመዘኛዎችም አሉ፤ የፈተናው ክብደት የሚያርፈው ግን በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው።

የሱቅ መስኮት ላይ ዋጋ ተለጥፎበት የተቀመጠ ዕቃ የውል ሐሳብ አይደለም፤ ደንበኛው መጥቶ ሐሳብ እንዲያቀርብ የሚጋብዝ ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን በ1953 እ.ኤ.አ. ቡትስ በተባለው የመድኃኒት መደብር ጉዳይ ላይ አረጋግጦታል። ደንበኛው ዕቃውን ከመደርደሪያ አንስቶ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ሲያቀርብ ሐሳብ አቅራቢው እሱ ነው፤ ሻጩ ሊቀበልም ሊመልስም ይችላል። ማስታወቂያም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ደንብ ይዳኛል።

አብዛኛውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። በ1891 እ.ኤ.አ. ኢንፍሉዌንዛ አውሮፓን ባስጨነቀበት ወቅት ካርቦሊክ ስሞክ ቦል የተባለ የለንደን ኩባንያ አንድ የሚታጠን የጎማ ኳስ ይሸጥ ነበር። ኩባንያው በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ ኳሱን በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት በመመሪያው መሠረት ተጠቅሞ በሽታው ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እንደሚከፍል፣ ለዚህም 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን አስታወቀ። ወ/ሮ ካርሊል ኳሱን ገዝተው እንደታዘዘው ተጠቀሙ፤ በጥር 1892 ታመሙ። ኩባንያው አልከፍልም አለ። ማስታወቂያው ለዓለም ሁሉ ስለሆነ ከማንም ጋር ውል አይፈጥርም፣ ሴትየዋም መቀበላቸውን አላሳወቁኝም፣ በምላሹም የሰጡኝ ነገር የለም ሲል ተከራከረ።

የይግባኝ ሰሚ ችሎቱ ሦስቱንም ውድቅ አደረገ። ባንክ የገባው ገንዘብ ኩባንያው የምሩን እንደነበር ያሳያል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው የውል ሐሳብ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሐሳብ የሚቀበሉት የተባለውን ሥራ በመፈጸም ነው፤ ቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም። አጸፋውም በቀን ሦስት ጊዜ ኳሱን መታጠን የሚያስከትለው እንግልትና ሽያጩ ለኩባንያው የሚያስገኘው ጥቅም ነው። የውል ሕግ መማሪያዎች ይህን ጉዳይ የማይተዉት በአንድ ፍርድ ውስጥ ሦስቱንም መመዘኛዎች ስለሚያሳይ ነው። ተማሪ የሚሳሳተው ግን ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ካርሊልን በመጥራት ነው። «ያገለገለ ማሽን በ6,000 ፓውንድ ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ ቁርጥ ያለ ቃልም ሆነ የተቀመጠ ገንዘብ የለበትም፤ ግብዣ ነው።

አሁን ወደ አቶ ከበደ ደብዳቤ እንመለስ። ደብዳቤው ለአንድ ሰው የተጻፈ፣ ዕቃውንና ዋጋውን የሚለይ፣ «እሸጥልዎታለሁ» የሚል ነው። የውል ሐሳብ ስለመሆኑ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ጎበዝ ተማሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ጊዜ የሚገባው የማክሰኞው ኢሜይል ነው።

በ1840 እ.ኤ.አ. በተፈረደው የሃይድና የሬንች ጉዳይ ሻጩ እርሻውን በ1,000 ፓውንድ ለመሸጥ ሐሳብ አቀረበ። ገዥው 950 ልስጥ አለ፤ ሻጩ እምቢ አለ። ገዥው ተመልሶ «እንግዲያው በ1,000 ተቀብያለሁ» ሲል ፍርድ ቤቱ የምትቀበለው ሐሳብ የለም አለው። 950 ብሎ ተቃራኒ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ የመጀመሪያውን ሐሳብ ገድሎታል፤ ካልፈለጉ በቀር ሻጩ እንደገና ሕይወት እንዲዘሩበት አይገደዱም። ወ/ሮ አልማዝም ማክሰኞ ዕለት «5,500 እከፍላለሁ» ብለው ቢሆን ኖሮ ጉዳያቸው እዚያው ባበቃ ነበር። እሳቸው ግን ዋጋውን አልነኩም፤ የአከፋፈሉን ነገር ጠየቁ እንጂ። በ1880 በተፈረደው የስቲቨንሰንና የማክሊን ጉዳይ እንዲህ ያለው ጥያቄ መረጃ መጠየቅ ብቻ በመሆኑ ሐሳቡን እንደማያፈርስ ተወስኗል። ልዩነቱ ያለው በአነጋገሩ ስለሆነ ተማሪው የኢሜይሉን ቃል ራሱን ጠቅሶ መከራከር አለበት። «በሁለት ጊዜ ብከፍል ይስማሙ ይሆን?» ጥያቄ ነው፤ «በሁለት ጊዜ ነው የምከፍለው» ቢሆን መልሱ ይገለበጥ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ያ «እስከ ዓርብ» የሚለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 1690 ላይ የጊዜ ገደብ ሰጥቶ የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ገደቡ እስኪያልፍ በሐሳቡ እንደሚታሰር ይደነግጋል። ወ/ሮ አልማዝ አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ አቶ ከበደ እስከ ዓርብ ማታ መጠበቅ ነበረባቸው። የኢትዮጵያ ሕግ ውል እንዲጸና ፈቃድን፣ ችሎታን፣ ሕጋዊ ጉዳይን፣ አስፈላጊ በሆነ ጊዜም ፎርምን ይጠይቃል፤ አጸፋን ግን አይጠይቅም። እንግሊዝ ግን ይጠይቃል። ወ/ሮ አልማዝ «እስከ ዓርብ አቆይልኝ» ለሚለው ነገር ምን ከፈሉ? ምንም። አሥር ፓውንድ እንኳ ሰጥተው ቢሆን አቶ ከበደ ይታሰሩ ነበር። ምንም ስላልሰጡ ቃሉ በሕግ ፊት ባዶ ነው።

ይህን ያጸናው የዲኪንሰንና የዶድስ ጉዳይ ከእኛው ታሪክ ጋር በጣም ይቀራረባል። በሰኔ 1874 እ.ኤ.አ. ዶድስ ቤቱን በ800 ፓውንድ ለዲኪንሰን ለመሸጥ በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበ፤ እስከ ዓርብ ጧት ክፍት እንደሚሆንም ጨመረ። ሐሙስ ዕለት ዲኪንሰን ዶድስ ቤቱን ለሌላ ሰው ሊሸጥ መሆኑን ከሦስተኛ ሰው ሰማ። ከዚያ በኋላ ተሯሩጦ መቀበሉን ቢያሳውቅም ተረታ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ፦ እስከ ዓርብ የሚለው ቃል አጸፋ ስለሌለው አያስርም፤ ሐሳቡ መሻሩን ደግሞ ተቀባዩ ከታመነ ሌላ ሰው ቢሰማም በቂ ነው። ወ/ሮ አልማዝ ረቡዕ ማታ የሚታመን የጋራ ወዳጅ «ማሽኑ እኮ ተሸጠ» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ የሐሙሱ ደብዳቤያቸው ዋጋ አይኖረውም ነበር። በጥያቄው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ወዳጅ የለም፤ ፈታኞች በሚቀጥለው ዓመት የሚጨምሩት ግን እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ስለዚህ አቶ ከበደ ሐሳባቸውን መሻር ይችላሉ። ታዲያ በጊዜው ሽረዋል ወይ? ጥያቄው ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። እዚህም የእንግሊዝ ሕግ ለሁለት ደብዳቤዎች ሁለት የተለያየ ሰዓት ይቆጥራል።

የመሻሪያ ደብዳቤ የሚሠራው ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ነው። በ1880 በተፈረደው የበርንና የቫን ቲንሆቨን ጉዳይ ሻጮቹ ከካርዲፍ ወደ ኒው ዮርክ ጥቅምት 1 ቀን ሐሳብ ላኩ፤ በ8ኛው ቀን የመሻሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ገዥዎቹ ይህን ሳያውቁ በ11ኛው ቀን በቴሌግራም ተቀበሉ። የመሻሪያው ደብዳቤ የደረሳቸው በ20ኛው ቀን ነበር፤ ውሉ ጸና። በፖስታ የተላከ የመቀበያ ደብዳቤ ግን የሚሠራው ፖስታ ቤት ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ይህ የፖስታ ደንብ የተወለደው ከሱፍ ንግድ ነው። በ1817 ሊንድሴል የተባሉ ነጋዴዎች ለአዳምስ ሱፍ ለመሸጥ ሐሳብ ላኩ፤ አድራሻውን ግን ተሳስተው ስለጻፉት ደብዳቤው ዘግይቶ መስከረም 5 ደረሰ። አዳምስ በዚያው ምሽት መቀበሉን ጽፎ ላከ። መልሱ መስከረም 9 ሲደርስ ሱፉ አንድ ቀን ቀድሞ ተሸጦ ነበር። በ1818 ፍርድ ቤቱ ውሉ የተፈጠረው መልሱ በተላከበት በ5ኛው ቀን ነው አለ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ የመቀበያው ደብዳቤ ጭራሽ ጠፍቶ ቢቀር እንኳ ውሉ እንደሚጸና ተወሰነ።

እንግዲህ ቀኖቹን በአንድ መስመር መደርደር ነው። የአቶ ከበደ መሻሪያ ረቡዕ ቢላክም የሚሠራው ሐሙስ ከሰዓት ነው። የወ/ሮ አልማዝ መቀበያ ቅዳሜ ቢደርስም የሚሠራው ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት ነው። መቀበያው በሰዓታት ይቀድማል፤ ከዓርብ ማታውም ገደብ በፊት ነው። አቶ ከበደ ራሳቸው በፖስታ ስለጻፉ መልሱም በፖስታ ቢመጣ ሊገረሙ አይችሉም። ውሉ ተወልዷል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ይህ ደግሞ የሚያስቆጭ ነው። ወ/ሮ አልማዝ የመጡት ምን እንደሚያገኙ ለማወቅ ነውና። ማሽኑን አያገኙም፤ ረቡዕ ዕለት ሌላ ሰው በቅን ልቦና ገዝቶ ወስዶታል፣ ያኔ ደግሞ የእሳቸው ውል ገና አልተወለደም ነበር። የሚያገኙት ካሳ ነው። በ1979 የወጣው የዕቃ ሽያጭ ሕግ በአንቀጽ 51 ሻጭ ዕቃውን ሳያስረክብ ሲቀር ገዥው ባጠቃላይ በገበያው ዋጋና በውሉ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እንደሚጠይቅ ይደነግጋል። ተመሳሳይ ማሽን ገበያ ላይ 6,800 ፓውንድ ከሆነ ካሳው 800 ፓውንድ ነው። አቶ ከበደ ከሌላው ሰው ያተረፉት 500 ፓውንድ ለስሌቱ መለኪያ አይሆንም፤ ካሳው የሚለካው በገዥዋ ጉዳት ነው።

ፈታኙ አንድ ቃል ቢቀይር መልሱ ይለወጣል። አቶ ከበደ «መልስዎ እስከ ዓርብ ማታ በጽሑፍ ይድረሰኝ» ብለው ቢሆን ኖሮ በ1974 በሆልዌል ጉዳይ እንደተወሰነው የፖስታው ደንብ አይሠራም፤ ቅዳሜ የደረሰ ደብዳቤ ዘግይቷል። ወ/ሮ አልማዝ መልሳቸውን ዓርብ በስልክ ቢሰጡ ደግሞ ውሉ የሚወለደው ቃላቸው ሲሰማ ነው፤ ይህም በ1955 በኤንቶሬስ ጉዳይ ስለ ቴሌክስ የተባለው ነው። ያኔ ግን የመሻሪያው ደብዳቤ ቀድሞ ደርሷልና ይሸነፋሉ። ኢሜይልም በአመዛኙ እንደ ስልክና ቴሌክስ እየታየ ነው የሚመለሰው።

መልሱ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ምን ይመስላል? ደካማው መልስ የአዳምስን የሱፍ ታሪክ ገጽ ሙሉ ይተርካል። ጥሩው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄው የወ/ሮ አልማዝ መቀበያ ከመሻሪያው ቀድሟል ወይ ነው። በፖስታ የተላከ መቀበያ ከተላከበት ጊዜ ጀምሮ ይሠራል (አዳምስና ሊንድሴል)፤ መሻሪያ ግን ሲደርስ ነው (በርንና ቫን ቲንሆቨን)። ወ/ሮ አልማዝ መልሱን የላኩት ሐሙስ ጧት ነው፤ መሻሪያው የደረሳቸው ከሰዓት ነው። ስለዚህ ውል አለ።» ነጥቡ፣ ደንቡ፣ ከጉዳዩ ጋር ማያያዙ፣ መደምደሚያው፤ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ተማሪው በእያንዳንዱ ቀን ላይ ይህንኑ እየደጋገመ ይሄዳል።

ሁለተኛው የተለመደ ጥያቄ ውሉ ከተፈጠረ በኋላ ያለውን አጸፋ የሚመለከት ነው። ወ/ሮ አልማዝ ሌላ ማሽን ገዝተው ለመትከል ከአንድ ባለሙያ ጋር በ2,000 ፓውንድ ተዋዋሉ እንበል። ሰውዬው ሥራው መሀል ላይ «በዚህ ዋጋ መጨረስ አልቻልኩም» አለ። እሳቸውም ቡና ቤቱ የሚከፈትበት ቀን ስለደረሰ 500 ፓውንድ እጨምራለሁ አሉ። ሥራው ሲያልቅ ግን አልከፍልም አሉ። በ1809 በስቲልክና ማይሪክ ጉዳይ ሁለት መርከበኞች ከድተው ሲቀሩ ካፒቴኑ የከዳተኞቹን ደመወዝ ለቀሩት ለማካፈል ቃል ገብቶ ነበር፤ መርከበኞቹ ግን ተረቱ፤ የሠሩት ድሮም መሥራት የነበረባቸውን ነውና። በ1989 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዊልያምስና ሮፊ ጉዳይ መንገዱን አለዘበ። አናጺው ዊልያምስ 27 አፓርታማዎችን በ20,000 ፓውንድ ለመሥራት ተዋውሎ በገንዘብ እጥረት ሊቆም ሲል ተቋራጩ የመዘግየት ቅጣት ስለሰጋ 10,300 ፓውንድ ሊጨምር ቃል ገባ። ፍርድ ቤቱ ማስገደድ ወይም ማጭበርበር እስከሌለ ድረስ ተቋራጩ ያገኘው ተግባራዊ ጥቅም አጸፋ ይሆናል አለ። ስለዚህ የወ/ሮ አልማዝ ባለሙያ 500 ፓውንዱን ማግኘቱ የሚወሰነው በአነጋገሩ ነው። «አልቻልኩም» ያለ እንደ ዊልያምስ ይታያል፤ «ካልጨመርሽ ጥዬ እሄዳለሁ» ብሎ ያስፈራራ አይታይለትም።

ተማሪው ይህን ደንብ ዕዳ ወደ መቀነስ እንዳይጎትተው ግን መጠንቀቅ አለበት። ወ/ሮ አልማዝ 3,000 ፓውንድ ዕዳ ኖሮባቸው አበዳሪው «2,000 ከከፈሉ ይበቃኛል» ቢል፣ በ1884 የጌቶች ምክር ቤት በፎክስና ቢር ጉዳይ በወሰነው መሠረት ቀሪውን 1,000 ተመልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ከዕዳው ያነሰ ገንዘብ ብቻ ለቀሪው መማሪያ አጸፋ አይሆንም። ከቀኑ ቀድሞ ወይም በሌላ ዕቃ ከተከፈለ ግን ይሆናል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በሮክ አድቨርታይዚንግ ጉዳይ ይህን ውሳኔ ዳግም ለማየት ዕድል አግኝቶ ነበር። ጉዳዩን ግን በሌላ ነጥብ ዘግቶ ጥያቄውን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ስለዚህ ዛሬም ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ዕዳ ሲቀነስ ካየ መጻፍ ያለበት ፎክስና ቢርን ነው።